ለጆሮ የሚሆን ጥቅስ፦ ስለ ንባብና ትምህርት በጠዋት ሬዲዮ ሳቀርብ ያየሁት

ደብረ ማርቆስ ላይ በሚሰማ የጠዋት ፕሮግራም «የዕለቱ ጥቅስ» የምትባለውን ክፍል የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ከዜናው ቀጥላ የምትመጣ፣ ሁለት ደቂቃ ብትሞላ ነው። ጥቅሶቿ ሁሉ ስለ ማንበብና ስለ መማር ናቸው። ሥራውን ስይዝ ያገኘሁት ምክር «ቆንጆ ቆንጆ ጥቅስ ምረጥ» የሚል ብቻ ነበር፤ ወረቀት ላይ ቆንጆ የሆነው ማይክ ፊት ለምን እንደሚሞት የነገረኝ ሰው አልነበረም። በአካባቢ ሬዲዮ ወይም በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ይህን መሰል ሥራ ለተሰጣችሁ ይጠቅማል ብዬ ያየሁትን እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የሚሰማችሁን ሰው አስቡት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ የሚሰማ ሰው የለም። አንዱ ባጃጁን እያስነሳ ነው፣ አንዷ ልጅ ታለብሳለች፣ ገጠር ያለው ከብት እያወጣ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቃላት ሁልጊዜ ይባክናሉ። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ዐይኑን መልሶ የዘለለውን ያገኛል፤ የሬዲዮ አድማጭ ግን ያመለጠው አመለጠው። ከዚህ የተነሣ ጥቅሱን ከፊት አላስቀምጥም። ቢባክን የማያስቆጭ አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድማለሁ፣ ትንፋሽ እወስዳለሁ፣ ከዚያ ጥቅሱን እላለሁ፣ በመጨረሻም አንድ ጊዜ እደግመዋለሁ። ሁለት ጊዜ ሲባል የሚያሰለች ጥቅስ ከሆነ መጀመሪያውኑም ለጠዋት አይሆንም።

አንዷን ጥቅስ ከነአሠራሯ ላሳያችሁ። «ማንበብ ሙሉ ሰው ያደርጋል» የሚለውን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ የስንቱ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ተጽፏል። የማን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን አብዛኛው ሰው የአበው አባባል ይመስለዋል። የጻፈው ፍራንሲስ ቤከን የተባለ እንግሊዛዊ ፈላስፋና የሕግ ሰው ነው፤ በ1597 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የመጣጥፍ ስብስብ ውስጥ ስለ ጥናት በጻፈው አጭር ጽሑፍ ላይ ይገኛል። እዚያ ላይ ግን ዓረፍተ ነገሩ ሦስት እግር አለው፦ ማንበብ ሙሉ ሰው ያደርጋል፣ መወያየት ዝግጁ ሰው፣ መጻፍ ደግሞ ጥንቁቅ ሰው። እኛ ጋ የደረሰው አንደኛው እግር ብቻ ነው።

ይህ ለሬዲዮ ትልቅ ዕድል ነው። አድማጩ የሚያውቀውን ነገር ሰምቶ «ይህችንማ አውቃታለሁ» ሲል የማያውቀውን ትጨምሩለታላችሁ። ያቀረብኩት ጽሑፍ ይህን ይመስል ነበር፦

«እንደምን አደራችሁ። ተማሪ ሳለን ግድግዳ ላይ ስናያት የኖርናት አንዲት አባባል አለች። ማንበብ ሙሉ ሰው ያደርጋል። አባባሏ ግን እዚህ ላይ አታበቃም። የእንግሊዙ ፈላስፋ ፍራንሲስ ቤከን ከአራት መቶ ዓመት በፊት ሲጽፋት ሁለት እህቶች ነበሯት። እንዲህ ይላል። ማንበብ፣ ሙሉ ሰው ያደርጋል። መወያየት፣ ዝግጁ ሰው ያደርጋል። መጻፍ ደግሞ፣ ጥንቁቅ ሰው ያደርጋል።»

«ያደርጋል» ሦስት ጊዜ መምጣቱን አስተውላችሁ ይሆናል። ወረቀት ላይ ቢሆን አርታኢ ሁለቱን ይሰርዝና «ማንበብ ሙሉ፣ መወያየት ዝግጁ፣ መጻፍ ጥንቁቅ ሰው ያደርጋል» ያደርገዋል። ለዐይን ያ ይሻላል፣ ያጠረም ነው። ሁለቱንም ጮክ ብዬ ሳነብ ግን በአጭሩ ላይ አድማጩ ግሡ እስኪመጣ ድረስ ሦስት ነገር ይዞ ይጠብቃል፤ መሐል ላይ ባጃጅ ካለፈ ሁሉም ይወድቅበታል። በረጅሙ ላይ እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ሙሉ ነው። የመጀመሪያውን ያልሰማ ሁለተኛውን ይሰማል፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ ዜማው ገብቶት አብሮ ይጨርሳል። ስለዚህ ለጆሮ ስትጽፉ ድግግሞሽን አትፍሩት።

የአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ መምጣቱ በሌላም በኩል ያስቸግራል። ከውጭ ቋንቋ የተመለሱ ረጃጅም ጥቅሶች «...የሚያስችለውን...የሚሆነውን...የሚገባውን» እያሉ ይሄዱና ሰውየው ምን እንዳለ የሚታወቀው ከስንት ቃል በኋላ ነው። የእኔ መለኪያ ትንፋሼ ነው፦ በአንድ ትንፋሽ የማይወጣ ከሆነ ወይ ለሁለት እከፍለዋለሁ ወይ እተወዋለሁ። ብዙ ጊዜ ገደቡ ከአስራ ሁለት እስከ አስራ አምስት ቃል ነው። ከዚያ በላይ የሆነውን ዜና አንባቢ ይወጣዋል፤ ጥቅስ ግን ዜና አይደለም፣ አድማጩ ይዞት መሄድ አለበት።

የግሡን ችግር ገልብጦ የሚያሳይ አንድ ድንቅ ምሳሌ በቁርኣን አማርኛ ትርጉም ውስጥ አለ። የዐለቅ ምዕራፍ የሚጀምረው «አንብብ» በሚለው ትእዛዝ ነው፤ «አንብብ በዚያ (ሁሉን) በፈጠረው ጌታህ ስም»። ግሡ ከፊት ነው። ለአማርኛ ጆሮ ያልተለመደ አቀማመጥ በመሆኑ የተኛውን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ሳቀርበው «አንብብ» ካልኩ በኋላ ሙሉ ዕረፍት ሰጠሁ፤ ቀጥሎ የመጣው ሁሉ በጸጥታ ውስጥ ገባ። በቅንፍ ያለው ቃል ተርጓሚዎቹ ለማብራሪያ የጨመሩት ስለሆነ ይነበብ አይነበብ ብዬ አስቀድሜ የሚያውቁ ሰው ጠይቄያለሁ። ከእምነት መጽሐፍ ስትወስዱ ይህን ጥያቄ ሳትጠይቁ ማይክ አትክፈቱ።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ለሁለት ድምፅ የተሠራ የሚመስል ቦታ አለ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ጃንደረባ በሠረገላ ላይ ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነባል። ፊልጶስ ሮጦ ሲደርስ ሲያነብ ሰማው ይላል፤ የሰማው ሰውየው ድምፁን አውጥቶ ያነብ ስለነበር ነው። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ «በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» መልሱም፦ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ፣ ሁለቱም አጭር። ይህን ሳቀርብ ጥያቄውን እኔ አነበብኩ፣ መልሱን ባልደረባዬ አነበበች። «አለው፣ አለው» የሚለውን ሁሉ ጣልነው፤ ድምፁ ሲለወጥ ማን እንደተናገረ አድማጩ ያውቃል። ጎጃም ውስጥ የኔታ እግር ሥር ተቀምጦ የተማረ ሰው ይህን መልስ ሲሰማ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የደወሉልን አንድ አባት «እኔም ለየኔታ ያልኩት ይህንኑ ነው» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ወደ አባባሎቻችን ስመለስ ለጆሮ ከሁሉ የሚሻለው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ነው። ሦስት ቃል ብቻ ነው፣ «ም» በየቦታው እየተመላለሰ ያስተሳስረዋል፣ መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር ቤት ይመታል። አነባበቡ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ሦስቱንም በአንድ ፍጥነት ካላችሁት ምላስ ላይ ይጠማዘዛል፣ አድማጩም «ከመጠምጠምመማር» የሚል አንድ ረጅም ቃል ይሰማል፤ የመጀመሪያው ቃል በሚያልቅበት ድምፅ ሁለተኛው ስለሚጀምር ነው። «ከመጠምጠም» ብላችሁ ከንፈራችሁን ዝጉና ቁሙ፣ ከዚያ «መማር ይቅደም» በሉ። እኔ ከጥቅሱ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የጨመርኩት፦ «ጥምጥም በራስ ላይ ከመዋሉ በፊት ራሱ መሞላት አለበት ይሉ ነበር።» ይህ በቂ ነው። ጥቅሱን ካሉ በኋላ ትርጉሙን ማብራራት መጀመር የጀማሪ ሁሉ አመል ነው፤ የሚብራራ ነገር ካለ ከፊት ይብራራ፣ ጥቅሱ የመጨረሻው ድምፅ ይሁን።

«ትምህርት በልጅነት፣ አበባ በጥቅምት» ደግሞ እንደ ዘፈን ነው፤ ሁለቱ ወገን እኩል ሚዛን አላቸው። ጥቅምት ላይ፣ ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ስታቀርቡት ደጁም ምስክር ይሆናል። አንድ ጠዋት ካቀረብኩት በኋላ ግን አንዲት እናት ደወሉ። ማታ ማታ ፊደል መቁጠር እንደጀመሩ ነገሩንና «እኛ ታዲያ በምን ወር እናብብ?» አሉ። እየሳቁ ነው የተናገሩት፣ ነገሩ ግን ቁም ነገር ነው። ምሳሌያዊ አነጋገር አንዱን ሲያነሳ ሌላውን ይጥላል። በሳምንቱ የሳቸውን ጥያቄ ራሱን፣ ስማቸውን ሳንጠራ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀን፣ ከዚያው አባባል ጋር አያይዘን አቀረብነው። ከአባባሉ ይልቅ ብዙ ሰው የደወለልን በጥያቄያቸው ነው።

የማላቀርባቸውም፣ በጥንቃቄ ብቻ የማቀርባቸውም አሉ። «የተማረ ይግደለኝ» አጭር ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ድምፁም ጠንካራ ነው። ነገር ግን በዚህ ዘመን በማለዳ ግማሹን ብቻ የሰማ ሰው ጆሮ ላይ የሚቀረው «ይግደለኝ» የሚለው ነው። በጨዋታ መሐል ይባል፣ ሬዲዮ ላይ ለማለዳ አይሆንም ብዬ ተውኩት። «አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» የሚለውንም ስለ ንባብ ስፋት ለማንሳት በጣም ወድጄው ነበር፤ ችግሩ እኛ ጎጃም ነን። ሰከላ ላይ፣ ግሽ አባይ፣ አባይ ራሱ ምንጭ ነው። የዚያ አገር ሰው ምንጩን ቢያመሰግን ምን አጠፋ? ይህንኑ ቀልድ አስቀድሜ ነው ያቀረብኩት፤ ሳልቀልድ ባቀርበው ኖሮ ቀልዱን አድማጮቹ ይጨርሱት ነበር።

ከንባብ አጠራር ጋር የተያያዘ ሌላ ጉዳይ አለ፣ በተለይ ስለ ንባብ በምታነቡበት ጊዜ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። «ጎበዝ ተማሪ ማታ ማታ ያነባል» የሚለውን «ባ»ን አጥብቃችሁ ካላችሁት መጽሐፍ ይዟል፤ አላልታችሁ ካላችሁት እንባውን እያፈሰሰ ነው። ማለዳ ላይ ምላስ ገና አልተፈታም፣ ዐይንም ከወረቀቱ ቀድሞ ይሮጣል፣ ስለዚህ በዚያች ቅጽበት የሚወጣው የትኛው እንደሆነ አይታመንም። እኔ በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ በእስክሪብቶ ሁለት ነጥብ አደርጋለሁ፤ የቆየ ዘዴ ነው። ለዕረፍት አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ ለረጅም ዕረፍት ሁለት መስመር። ከዚያም ጥቅሱን ለብቻው፣ ሰፋ ባለ ፊደል፣ በአንድ መስመር ላይ አንድ ሐሳብ አድርጌ እጽፈዋለሁ። መስመሩ የሚያልቅበት ቦታ ትንፋሹ የሚያልቅበት ቦታ ነው። ገጽ መገልበጥ ጥቅስ መሐል ላይ እንዳይመጣ አስቀድማችሁ እዩ፤ የወረቀቱ ኮሽታ ማይክ ላይ ከምታስቡት በላይ ይሰማል።

ማይኩን በተመለከተ ረጅም ነገር የለኝም። «ፈ» እና «ፐ» ትንፋሽ ይነፋሉና አፍን ከማይኩ ፊት ትንሽ ወደ ጎን ማድረግ ነው። «ሰ»፣ «ሸ» እና «ጸ» የበዙበት ዓረፍተ ነገር በትንሽ ሬዲዮ ላይ ፉጨት ይሆናል። በስልኬ ቀድቼ በስልኩ ድምፅ ማውጫ መልሼ እሰማዋለሁ፤ እዚያ ላይ ካፏጨ ገጠር ባለችው ትንሽ ሬዲዮም ያፏጫል።

ስም የት ይቀመጥ የሚለው ብዙ ያከራክረናል። አድማጩ የጥቅስ ምልክት አያይም፣ የእናንተ ቃል የት አልቆ የሰውየው የት እንደጀመረ አያውቅም። ለዚህ ነው «እንዲህ ይላል» ብሎ መቆም የግድ የሚሆነው። ከዚያ ባለፈ ስሙ የታወቀ ከሆነ ከፊት አደርገዋለሁ፣ ያልታወቀ ከሆነ ከኋላ። ምሳሌ ልስጣችሁ። «በአፍሪካ አንድ ሽማግሌ ሲሞት አንድ ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ ማለት ነው» የሚለው ከማሊው ጸሐፊ ከአማዱ ሃምፓቴ ባ የመጣ ነው፤ በ1960 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ስብሰባ ላይ የአፍሪካ የቃል ቅርስ እንዲሰበሰብ ሲሟገት ከተናገረው። ስሙን ከፊት ብትጠሩት አድማጩ «ማን አለ?» እያለ ጥቅሱ ያልፈዋል። ስለዚህ «አንድ የማሊ ጸሐፊ» ብዬ ጀመርኩ፣ ጥቅሱን አልኩ፣ ስሙንና የተናገረበትን ቦታ መጨረሻ ላይ ጠራሁ፣ ከዚያ ጥቅሱን ደገምኩ። ቅኔ በቃል ከመምህር ወደ ተማሪ በሚተላለፍበት አገር ይህ ጥቅስ የሩቅ ሰው ንግግር አይመስልም። ስለ ዋሸራና ስለ ጎንጅ ቅኔ ቤቶች አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድሞ ቢገባ ደግሞ ጥቅሱ ቤቱን ያገኛል።

የምንጭ ነገር ካነሳሁ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ከሚዘዋወሩት የትምህርት ጥቅሶች ውስጥ በታላላቅ ሰዎች ስም የተለጠፉ ብዙ ናቸው። የእኔ ማጣሪያ አንድ ጥያቄ ነው፦ የት፣ መቼ፣ ለማን ተናገረው? ከሦስቱ ለአንዱ እንኳ መልስ ካጣሁ ስሙን አልጠራም። «እንዲህ የሚል አባባል አለ» ብዬ አቀርበዋለሁ፣ ወይም እተወዋለሁ። «ከአንቀልባ እስከ መቃብር ዕውቀትን ፈልጉ» የሚለውን ብዙዎች ሐዲስ ነው ብለው ልከውልኛል። ከማቅረቤ በፊት አንድ ሼህ ስጠይቅ፣ አባባሉ ጥሩ ቢሆንም ከነቢዩ የተላለፈ ሐዲስ አይደለም አሉኝ። ስለዚህ በሕዝብ ዘንድ እንደሚነገር አባባል ብቻ ነው ያቀረብኩት። ይህን ያህል መጠንቀቅ ለሁለት ደቂቃ ክፍል የበዛ ሊመስላችሁ ይችላል። ሬዲዮ የተናገረውን ሰው ግን «ሬዲዮ ላይ ሰምቼ ነው» ብሎ ለልጁ ያስተላልፈዋል።

ሚኒ ሚዲያ ለያዛችሁ መምህራንና ተማሪዎች የሚለየው ድምፅ ማጉያው ነው። በሜዳ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ግድግዳ ነክቶ ይመለሳል፣ የመጀመሪያው ቃል ማስተጋባት ሳያልቅ ሁለተኛው ይደርስበታል። ስለዚህ በሬዲዮ ከምትሰጡት ዕረፍት እጥፍ ስጡ፣ በአንድ ጠዋት ከአንድ ጥቅስ በላይ አታቅርቡ፣ ረጃጅሞቹን ተዉና «ከመጠምጠም» ዓይነቱን ምረጡ። ሰንደቅ ዓላማ ከመሰቀሉ በፊት ልምምድ ስታደርጉ አንድ ተማሪ ከሰልፉ የመጨረሻ ረድፍ ላይ ይቁምና የሰማውን መጥቶ በቃሉ ይንገራችሁ። ቃል በቃል ከመለሰው ይቅረብ። ግማሹን አጣምሞ ካመጣው ጥቅሱን ወይም አነባበቡን ለውጣችሁ ልጁን መልሳችሁ ወደ ረድፉ ላኩት።